እግርና ጣት አንድ ላይ ሲወርዱ

ዎኪንግ ቤዝ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ኖታ ነው። ከዚህ ኮርድ ወደዚያ ኮርድ በየት በኩል ልሂድ? የትኛውን ድምፅ ልርገጥ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ባንድ ውስጥ ገብተህ ስትጫወት ኖታው ሁሉ ልክ ሆኖ መስመሩ ሲንሳፈፍ ታገኘዋለህ። ኪቦርዱ አልተሳሳተም፣ ቤዙም አልተሳሳተም፣ ግን ዘፈኑ መሬት አልያዘም። ያኔ ችግሩን ብዙውን ጊዜ የማገኘው በቤዙና በኪኩ፣ ድራመሩ በእግሩ በሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ መካከል ነው።

እኛ የምንለማመደው ለገጣፎ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በብሎኬት የተሠራች ቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት ክፍል አለች። ሦስት ነን፦ ኪቦርድ፣ ድራምና እኔ። መብራት ሲጠፋ ያለ አምፕ እንቀጥላለን፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ ለማንም ምንም አይሰማም፣ ሻይ እናፈላለን። ሰሞኑን የያዝነው ባለ 12 ባር ብሉዝ ነው፣ በጂ፣ በ100 ቴምፖ። ሹፍል ነው፣ እያንዳንዱ ምት ለሦስት እየተከፈለ የሚሄድ። ቀላል ይመስላል። ስለ ዎኪንግ ቤዝ ማወቅ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ውስጥ አለ፤ ስለዚህ እዚያው ልቆይ።

መጀመሪያ ኪኩ ምን እየሠራ እንደሆነ እንይ። ዎኪንግ ቤዝ በእያንዳንዱ ምት ላይ አንድ ኖታ ነው፤ በአንድ ባር አራት። ኪኩ ግን አራቱም ላይ ላይመታ ይችላል። በድሮው የጃዝ አጨዋወት ድራመሩ አራቱንም ምት በእግሩ እየዳሰሰ ይሄዳል፤ ድምፁ ከመሰማት ይልቅ ይታወቃል። በሹፍል ግን ብዙ ድራመሮች ኪኩን አንድና ሦስት ላይ፣ ስኔሩን ሁለትና አራት ላይ ያደርጋሉ። የኛው ልጅ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ሦስተኛው ምት ከመድረሱ በፊት ትንሽ ቀድሞ አንድ ኪክ ይጥላል። ዱም፣ ከዚያ ዱ-ዱም። ይህችን ቀድማ የምትመጣ ኪክ ያዟት፣ ጉዳዩ ሁሉ ወደ እሷ ይመለሳል።

አሁን ኖታው። የመጀመሪያው ባር ጂ ሰቨን ነው፣ ሁለተኛው ሲ ሰቨን፣ ሦስተኛውና አራተኛው እንደገና ጂ ሰቨን። አምስተኛው ላይ ወደ ሲ እንመለሳለን። እኔ የምጫወተው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ባር፦ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ዲ ፍላት። በሁለተኛው፦ ሲ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ፣ ኤ ፍላት። በሦስተኛው፦ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። በአራተኛው፦ ኤፍ፣ ዲ፣ ቢ፣ ዲ ፍላት። ከዚያ ሲ።

በጣት እንየው። ጂ በኢ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ናት። ቢ በኤ ክር ሁለተኛው፣ ዲ እዚያው ክር ላይ አምስተኛው፣ ዲ ፍላት አራተኛው ፍሬት ላይ። ቀጥሎ የሚመጣው ሲ ሦስተኛው ላይ ነው። እጅህ ቦታውን አይለቅም። ከዲ ተነስተህ በአንድ አንድ ፍሬት እየወረድክ ሲ ላይ ታርፋለህ።

ይህ መስመር ከኪኩ ጋር የተሠራ ነው። ኪኩ የሚወድቅባቸው አንድና ሦስት ላይ ያሉት ድምፆች ጂና ዲ ናቸው። ጂ የኮርዱ መነሻ ነው፣ ዲ ደግሞ አምስተኛው። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው፤ ኪኩ ከስር ሲገፋቸው ኮርዱ ይበልጥ ይቆማል። ዲ ፍላት ግን የጂ ሰቨን አባል አይደለችም። እሷ ወደ ሲ የምታሻግር ድምፅ ናት። አራተኛው ምት ላይ፣ ኪክ በሌለበት፣ ከስኔሩ ጋር ትወድቃለች። ስኔሩ ይሸፍናታል፣ ጆሮም ጥያቄ ሳያነሳ ያልፋታል። ዲ ፍላቷን ወደ ሦስተኛው ምት አዛውራትና ኪክ ይምታባት። ያው ኖታ፣ ያው ጣት፣ ግን አሁን ስህተት ይመስላል። ስለዚህ ኖታ ከመምረጤ በፊት እግሩ የት እንደሚወድቅ አያለሁ። ከባዱ ቦታ ላይ የኮርዱ ድምፅ፣ ቀላሉ ቦታ ላይ መሻገሪያው።

ሁለተኛው ባር ይህን ሕግ ትንሽ ያላላዋል። ሲ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ፣ ኤ ፍላት። ሦስተኛው ምት ላይ ያለችው ኤ ከሲ ሰቨን አራት ድምፆች ውስጥ የለችም፤ ስድስተኛው ድምፅ ናት። ግን ከሲ ጋር አትጣላም፣ መስመሩም በግልጽ ወደ ጂ እየወረደ ስለሆነ ጆሮ ይከተለዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ኤን በባዶ ክር አልመታትም። በኢ ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ እይዛታለሁ። ባዶ ክር ብትመታ ቀጣዩን ኖታ ወደ ኢ ክር ወርደህ ስትጫወት ኤ ክር ከኋላ መጮኋን ትቀጥላለች። ሁለት ዝቅተኛ ድምፆች ተደርበው ደግሞ ኪኩን ይውጡታል።

አራተኛው ባር በኤፍ መጀመሩ አንዳንዱን ያስገርመው ይሆናል። ኮርዱ ጂ ነው፣ ታዲያ አንደኛው ምት ላይ ለምን ጂ አይሆንም? ጂን በሦስተኛው ባር መጀመሪያ ላይ ተናግረናል። ሁለት ባር ሙሉ በአንድ ኮርድ ስትቀመጥ በየባሩ መነሻውን መምታት መስመሩን ቦታው ላይ ያስረግጠዋል። ኤፍ የጂ ሰቨን ሰባተኛ ድምፅ ስለሆነች ኪኩን ትሸከማለች፣ ወደ ሲ የመሄድ ጉጉትም አላት። ከዚያ ዲ፣ ቢ፣ ዲ ፍላት። ቢ ከሲ በታች ናት፣ ዲ ፍላት ከሲ በላይ። ሲን ከሁለቱም በኩል ከበን እንገባባታለን።

ይህን ይዘን ገባን። ኖታው ልክ ነበር፣ ምቱም ልክ ነበር። ድራመራችን ግን ቆም አለና፣

«ጋሼ፣ ሁለተኛዋ ኪኬ ላይ ትጠፋብኛለህ» አለኝ።

«እዚያ ቦታ ላይ ኖታ የለኝም እኮ» አልኩት።

«ይሁና፣ ግን ባዶ ነው።»

ልጁ እውነቱን ነው። ያቺ ቀድማ የምትመጣ ኪክ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምት መካከል ነው የምትወድቀው። በ100 ቴምፖ አንድ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሹፍል ምቱን ለሦስት ስለሚከፍለው እያንዳንዱ ክፍል 200 ይደርሰዋል። የሱ ኪክ ከሁለተኛው ምት 400 ሚሊ ሰከንድ በኋላ፣ ከሦስተኛው ምት ደግሞ 200 ቀድሞ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የቢን ኖታ ዘርግቼ ይዣለሁ። የቤዙ ድምፅ ተዘርግቶ ሲተኛ ኪኩ ከስሩ ይቀበራል። ድራመሩ እግሩን መሬት ላይ እየመታ ድምፅ የማይወጣው ነው የሚመስለው።

መድኃኒቱ አዲስ ኖታ መጨመር አይደለም። ኖታ ብትጨምር አራቱ እርምጃ ይፈርሳል፣ ዎኪንግ መሆኑ ይቀራል። የሚያስፈልገው ድምፅ የሌላት አንዲት ምት ናት፣ ብዙዎቻችን ዴድ ኖት የምንላት። ቢን ሁለተኛው ምት ላይ ትመታለህ። ኪኩ ሊመጣ ሲል የግራ ጣትህን ከክሩ ሳታነሳ ጫናውን ብቻ ትለቃለህ። ክሩ ከፍሬቱ ይላቀቃል፣ ጣትህ ግን ያፍነዋል። በቀኝ እጅህ ያንኑ ክር ትመታለህ። «ጥክ» ይላል፣ ቃና የለውም። ከዚያ ሦስተኛው ምት ላይ ዲ።

ይህች «ጥክ» ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ትሠራለች። ለኪኩ ጫፍ ትሰጠዋለች፤ የሱ «ዱ» እና ያንተ «ጥክ» አንድ ላይ ሲወድቁ ኪኩ ይበልጥ ይጠራል። ደግሞም ቢን በጊዜው ትዘጋለች። ከ600 ሚሊ ሰከንድ ይልቅ 400 ብቻ ትቆያለች፣ ለኪኩ ቦታ ትለቃለች። እኔ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ላይ ነው እላለሁ። ቤዝና ኪክ መቆላለፍ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ኖታው የት እንደሚጀምር ነው። የት እንደሚያልቅ የሚያስብ ጥቂት ነው።

በየባሩ ግን አታድርጋት። እሱ ኪኩን ባልጨመረበት ባር ላይ አንተ «ጥክ» ካልክ ብቻህን እየተንተባተብክ ነው። የኛው ልጅ በብዛት በአንደኛውና በሦስተኛው ባር ነው የሚጨምራት። እኔም እዚያው ነኝ። ሁለተኛውና አራተኛው ላይ አራቱን ኖታ ዘርጋ አድርጌ እሄዳለሁ።

የዚያች ኪክ ቦታ ራሱ የሚንሸራተትበት ጊዜ አለ። ይህ ልጅ ያደገው በችክችካ ነው። ችክችካ በባር ስድስት ትናንሽ ምት አለው። ሁለት የችክችካ ባር ጎን ለጎን ብታስቀምጥ 12 ትሆናለች፤ የሹፍሉ አንድ ባር ቁጥርም ያው 12 ነው። ስለዚህ ለሦስት መከፋፈሉ በደሙ ውስጥ አለ፣ ማንም ማስተማር አላስፈለገውም። ሮክ የለመደ ድራመር ግን ምቱን ለሁለት መክፈል ስለሚቀናው ኪኩን 400 ላይ ሳይሆን ወደ 300 አስጠግቶ ይጥላታል። አንተ 400 ላይ «ጥክ» ስትል እሱ ቀድሞ መትቷል። እዚህ ላይ ማን ትክክል ነው ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ሁለታችሁም ያለ መሣሪያ ሃይሃቱን በአፍ እያላችሁ፣ በጭብጨባ ያችን ቦታ ብቻ ፈልጉ። ተስማምታችሁ ስታጨበጭቡ መሣሪያ አንሱ።

መቆላለፉን እንዴት ታውቃለህ? ስልክ ይበቃል። ከአምፑም ከድራሙም እኩል ርቀት ላይ ወንበር አድርግና ስልኩን አስቀምጥበት፣ ቅዳ። የስልክ ማይክ ዝቅተኛውን ድምፅ በደንብ አይይዝም፣ እዚህ ግን ይህ ጥቅም ነው። የሚቀረው የኪኩ መዶሻ ጫፍና የጣትህ ምት ብቻ ነው። አንደኛው ምት ላይ አንድ «ትክ» ከሰማህ ደህና ነህ። «ት-ትክ» ካለ ተለያይታችኋል። ልዩነቱ ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ሲጠጋ ጆሮ ሁለት አድርጎ መስማት ይጀምራል። ማን እንደዘገየ ካላወቅክ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰህ ስማው።

እንዲህ ቀድተን ስንሰማ አንደኛው ባር ላይ ያለችው ጂ ከሌሎቹ ኖታዎች ይልቅ የዘገየች ትመስል ነበር። ጣቴ ግን በሰዓቱ ነው ያረፈው። ይህ ከድምፁ ጠባይ የሚመጣ ነው። ያቺ ዝቅተኛ ጂ በሰከንድ 49 ጊዜ ነው የምትርገበገበው። አንዷ እርግብግቢት ብቻ 20 ሚሊ ሰከንድ ትፈጃለች፣ ጆሮ ደግሞ ቃናውን ለመለየት ከአንድ በላይ ይፈልጋል። ኪኩ በበኩሉ መዶሻው ቆዳውን ሲነካ ጥርት ያለ ጫፍ አለው። ስለዚህ እኩል ብትመቱም እሱ የቀደመ ይመስላል። ሰው እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያደርጋል፣ ሁለቱም አይረዱም፦ ቀድሞ ለመምታት ይሞክራል፣ ወይም አምፑ ላይ ቤዙን ይጨምራል። ቤዙን ስትጨምር ጫፉ ይበልጥ ይደፈናል። እኔ ቤዙን ቀንሼ መካከለኛውን ከፍ አደርጋለሁ። ቀኝ እጄንም ከአንገቱ አካባቢ አንስቼ ወደ ብሪጁ ጠጋ አደርጋታለሁ። ብቻዬን ስሰማው ቀጠን ያለ ድምፅ ነው፣ አልወደውም። ከኪኩ ጋር ሲሆን ግን ወፍራሙን ክፍል ኪኩ ይሞላዋል።

የምትቆምበት ቦታም አለበት። ድምፅ በአንድ ሜትር ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። አምፕህ እግርህ ስር፣ ድራሙ አምስት ሜትር ርቆ ማዶ ከሆነ ኪኩ 15 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርስህ። ለእሱም አንተ ትዘገያለህ። እርስ በርስ እየተጠባበቃችሁ ቴምፖው ይጎተታል። በትንሿ ክፍላችን ይህ ያን ያህል አያስቸግርም፤ አዳራሽ ወይም የሰርግ ድንኳን ላይ ግን ይታያል። እኔ ሁልጊዜ ከሃይሃቱ በኩል ጠጋ ብዬ እቆማለሁ። ከዚያ ቀኝ ጉልበቱ ይታየኛል። ጉልበቱ የሚነሳው ኪኩ ከመሰማቱ በፊት ስለሆነ ጣቴም አብሮ ይዘጋጃል። አምፑን ከጥግ ነው የማወጣው። ጥግ ላይ ዝቅተኛው ድምፅ ይከማቻል፣ የኖታው መጨረሻ ይጠፋል፤ ያን ያህል የደከምንበት ክፍተት ሁሉ በጉምጉምታ ይሞላል።

ስለ ኖታ ርዝመት አንድ ነገር ልጨምር። ዎኪንግ የተወለደው በትልቁ የቁም ቤዝ ላይ ነው። የዚያ ድምፅ ከተመታ በኋላ ቶሎ ይወርዳል፤ አራቱን ኖታ አያይዘህ ብትጫወትም በመካከል ኪኩ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ1951 ፌንደር ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝና ከዚያ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ ቤዞች ግን ድምፁን ረጅም ጊዜ ይዘው ይቆያሉ። የአሜሪካው ሙዚቃ ኩባንያ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን ከቁም ቤዝ የመጣ ሰው ነበር። በቤዝ ጊታሩ ብሪጅ ክዳን ስር ስፖንጅ ነበረበት፣ በአንድ ጣት ነበር የሚመታው። ስፖንጁን እኔም ሞክሬዋለሁ። ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠች የጣት ውፍረት ያላት ቁራጭ ክሮቹ ስር፣ ብሪጁ ጋ ተጣብቃ ትገባለች። ክሩን ከመንካት አልፋ ወደ ላይ ከገፋች ቃናውን ታበላሻለች፤ መንካት ብቻ ነው ያለባት። ከዚያ እያንዳንዱ ኖታ ይመታል፣ ወዲያው ይወርዳል፣ ቀጣዩ ከመምጣቱ በፊት ቦታ ይለቃል። ለሹፍል ወድጄዋለሁ። ለትዝታ ግን አውጥቼ ነው የምጫወተው፤ እዚያ ድምፁ እንዲጎተት እፈልጋለሁ።

ቆልፈን ስንጫወት ለመፈተን አንድ ነገር እናደርጋለን። ድራመሩ ለአራት ባር ኪኩን ያቆማል፣ ሃይሃትና ስኔር ብቻ። እኔ እቀጥላለሁ። በአምስተኛው ባር ኪኩ ሲመለስ ከሲ ጋር እኩል ከወረደ እሰየው። ካልወረደ ለካ እኔ እግሩን እየተከተልኩ ነበር እንጂ ምቱን አልያዝኩትም ማለት ነው። ብቻህን ከሆንክ ሜትሮኖሙን 50 ላይ አድርግና ድምፁን ሁለተኛውና አራተኛው ምት አድርገህ ቁጠረው። ኪኩ የሚወድቅባቸውን አንድና ሦስትን ያኔ ራስህ ነህ የምታስቀምጣቸው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በመካከለኛ ቴምፖ ነው። ወደ 200 ሲጠጋ አንድ ምት 300 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዴድ ኖት የምትገባበት ቦታ ይጠባል፣ ለሦስት መከፋፈሉም ራሱ እየቀና ይሄዳል። ድራመሩም እግሩን ያቀልላል ወይም ለድንገተኛ አክሰንት ብቻ ያስቀረዋል። በዚያ ፍጥነት ኪኩን መከተል ትቼ ጆሮዬን ወደ ራይድ ሲምባሉ አዞራለሁ፤ አራቱን ምት ሳያቋርጥ የሚነግረኝ እሱ ነው።